«ቶሎ ይታያል» የተባለውን ሞተር ማን ይየው? የስብሰባ መልእክትን ወደ አጭር ቃለ ጉባኤ ስለ መለወጥ

ጥያቄ፦

«እንደምን ከረማችሁ? አዲስ አበባ ውስጥ ባለ 24 ቤት የኮንዶሚኒየም ሕንፃ የነዋሪዎች ኮሚቴ ፀሐፊ ነኝ። ስብሰባ ባደረግን ቁጥር የተነጋገርነውን ማታ በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ እጽፋለሁ። እሑድ ኅዳር 14 የላክሁት ይህ ነው፦

‹ሰላም ጎረቤቶች፣ ዛሬ ለተገኛችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን። እንደተነጋገርነው የውሃ ሞተሩ ጉዳይ አንገብጋቢ ስለሆነ ቶሎ ይታያል። ጋሼ የሚያውቁት ባለሙያ አለ ስለተባለ እሱ ይጠየቃል፣ ካልሆነም አዲስ ይገዛል። ያልከፈላችሁ እስከ 30 ብትከፍሉ። የጥበቃው ደመወዝ ጭማሪም ጥሩ ሐሳብ ስለሆነ ይታሰብበታል። ደረጃ ላይ ዕቃ ያስቀመጣችሁ አንሱልን። ልጆችም መኪና ላይ ኳስ እየመቱ ስለሆነ እንምከራቸው። በሚቀጥለው እንገናኝ፣ መልካም ምሽት።›

ይኸው ሦስት ሳምንት አለፈ፣ ሞተሩ እንደቆመ ነው። አንዱ ‹ይገዛል ነው የተባለው› ይላል፣ ሌላው ‹የለም፣ ይጠገናል› ይላል፣ ገንዘብ ያዣችን ‹እኔን ማን ምን አለኝ› ትላለች። ስም ጠርቼ ቀን ቆርጬ ብጽፍ ደግሞ ትልልቆቹ ‹ልታዘን ነው እንዴ› ብለው ይቀየሙኛል ብዬ እፈራለሁ። እንዴት ልጻፈው?

ፀሐፊዋ»

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ መልእክትዎ በጨዋነቱ የሚነቀፍ ነገር የለውም። ጎረቤት ለጎረቤት እንዲህ ነው የሚጽፈው። ሥራው የቆመው ግሦቹ ላይ ነው። ይታያል፣ ይጠየቃል፣ ይገዛል፣ ይታሰብበታል፤ አራቱም ባለቤት የላቸውም። ማን እንደሚያይ፣ ማን እንደሚጠይቅ፣ ማን እንደሚገዛ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ስለሌለ እያንዳንዱ አንባቢ ሌላ ሰው ነው ብሎ ስልኩን አስቀመጠ። ስለዚህ መልእክቱን ወደ ቃለ ጉባኤ ሲለውጡ መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር እንዲህ ያሉትን ግሦች አንድ በአንድ ከሥር ማስመርና በያንዳንዱ ላይ «ማን?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱን ካላገኙ እርስዎ ረስተው ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ስብሰባው ራሱ ሳይመልሰው ነው የተበተነው።

ቀጥሎ መልእክቱን ይለዩት። እርስዎ በአንድ ትንፋሽ የጻፉት ውስጥ አራት ዓይነት ነገር አለ። አንዱ ውሳኔ ነው፤ ስብሰባው የተስማማበትና ያልመጣውም ሰው ሊያከብረው የሚገባ። ሁለተኛው ሥራ ነው፤ ውሳኔው እንዲፈጸም አንድ ሰው ተነሥቶ የሚያደርገው። ሦስተኛው ተነሥቶ ያልተቋጨ ሐሳብ ነው። አራተኛው ማሳሰቢያ ነው። የኳሱ ነገር ማሳሰቢያ ስለሆነ ከቃለ ጉባኤው ይውጣ፤ በሌላ መልእክት ይላኩት። የጥበቃው ደመወዝ ያልተቋጨ ሐሳብ ነው። እሱን ግን እንዳያወጡት። «ጥሩ ሐሳብ ስለሆነ ይታሰብበታል» የሚለውን የጥበቃ ሠራተኛው ቢሰማ ደመወዙ እንደተጨመረ ሊቆጥር ይችላል፤ ከነዋሪውም ግማሹ እንደዚያው። «ቀርቧል፣ አልተወሰነም» ብሎ መጻፍ እሱንም እናንተንም ከቅያሜ ያድናል።

አሁን ወደ ሞተሩ እንግባ። ጎረቤቶችዎ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ «ይጠየቃል፣ ካልሆነም ይገዛል» ብለው ሁለቱንም ጽፈዋልና። የጎደለው «ካልሆነም» ለምትለዋ ቃል መለኪያ ነው። ምን ካልሆነ? ባለሙያው ካልመጣ? ሞተሩ አይጠገንም ካለ? ዋጋው ከበዛ? በቅድመ ሁኔታ የተወሰነ ነገር ሲጻፍ ቅድመ ሁኔታው በቁጥር ወይም በቀን መቀመጥ አለበት። ጉዳዩ ገንዘብ ስለሆነ እዚህ የሚያስፈልገው የብር ጣሪያ ነው፤ እስከዚህ ድረስ ከሆነ ይጠገን፣ ከዚህ ካለፈ ወደ ግዢ እንሂድ የሚል። ጣሪያውን እርስዎ ከራስዎ አይጻፉት። በስብሰባው ላይ ካልተነሣ ለሰብሳቢዋ ደውለው ይጠይቁ፤ ሰብሳቢዋም ብቻዋን መወሰን የማትችለው ከሆነ «የዋጋ ጣሪያ አልተወሰነም» ብለው ባልተቋጩት ውስጥ ያስገቡት።

ስልክ መደወሉን አይዝለሉት። ቃለ ጉባኤውን ከመላክዎ በፊት ለሦስት ሰዎች፣ ለያንዳንዳቸው አጭር ስልክ። የትልልቆቹ ቅያሜ ያሉት ጉዳይም የሚፈታው እዚህ ነው፤ ትልቅ ሰው የሚቀየመው ስሙ በመጻፉ ሳይሆን ሳይጠየቅ በመጻፉ ነው። «ጋሼ፣ ያን ባለሙያ ጠርተው ሞተሩን ቢያሳዩልን ብለን ነበር፣ ይመችዎታል? ስንት ቀን ይበቃዎታል?» ብለው ይደውሉላቸው። ቀኑን እሳቸው ይናገሩ። «እስከ አርብ አደርሰዋለሁ» ካሉ የጻፉት የእሳቸውን ቃል ነው፤ ያዘዛቸው የለም። «አይ ልጄ፣ እኔ ለንግግር ነው ያነሣሁት፣ ሰውየው አሁን አገር ውስጥ የለም» ሊሉም ይችላሉ። ይህንን በዚያው ምሽት ማወቅ ከሦስት ሳምንት በኋላ ከማወቅ ይሻላል። በስብሰባው ላይ ያልነበረ ሰው ላይ ሥራ ሲጣል ደግሞ ስልኩ የግድ ነው። እስኪስማማ ድረስ ስሙ አይገባም፤ «ፈጻሚ አልተገኘም» ተብሎ ይቀመጣል። ባዶው ቦታ ሲታይ አንዳንዴ ሌላ ጎረቤት በራሱ ጊዜ «እኔ አደርገዋለሁ» ይላል።

ስም ሲጽፉ «ጋሼ» ለስልክ ይሁን። በቃለ ጉባኤው ላይ አቶ ወይም ወይዘሮ ብለው ስም ከነአባት ስም፣ ከጎኑም የቤት ቁጥር ያስቀምጡ። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ሁለት ሰላም፣ ሦስት ዳዊት መኖሩ የተለመደ ነው። «ኮሚቴው ያደርጋል» የሚለውንም ይተዉት። ኮሚቴ ስልክ አያነሣም። ሥራው የኮሚቴው ቢሆን እንኳ ከኮሚቴው አንድ ሰው ይጠራ። ሁለት ሰው አብሮ የሚሠራው ከሆነ ሁለቱንም ይጻፉና ተጠሪው የትኛው እንደሆነ ይለዩ።

ቀኑ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እዚህ አገር ብዙ ስምምነት የሚበላሸው እሱ ላይ ነው። «እስከ 30 ብትከፍሉ» ብለዋል። የየትኛው ወር 30? ቤት ውስጥ ያለው ነዋሪ ኅዳር 30 ብሎ ያነበዋል። ባንክ ወይም የውጭ ድርጅት ውስጥ የሚሠራው፣ ቤቱን አከራይቶ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ያለው ባለቤት ደግሞ ኖቬምበር 30 ብሎ ያነበዋል። ኖቬምበር 30 ማለት ኅዳር 21 ነው፣ ኅዳር 30 ደግሞ ዲሴምበር 9፤ በመካከላቸው ዘጠኝ ቀን አለ። ስለዚህ ሁልጊዜ የሳምንቱን ቀን፣ የወሩን ስምና ቁጥሩን አብረው ይጻፉ፤ ውጭ የሚኖር አባል ካለ የፈረንጁን ቀን በቅንፍ ይጨምሩ። የሳምንቱ ቀን ጥቅሙ ስሕተትን ማጋለጡ ነው። «ማክሰኞ ኅዳር 30» ብለው ቢጽፉና ቀኑ ማክሰኞ ባይሆን አንዱ ጎረቤት ወዲያው ይነግርዎታል፤ ቁጥሩ ብቻ ቢሆን ግን ማንም ልብ አይለውም። ሰዓትም እንደዚሁ ነው። «6 ሰዓት» የሚለውን ዱባይ ያለው ሰው በእጁ ሰዓት ያነበዋል፤ እዚህም ቢሆን የቀን ይሁን የሌሊት አይታወቅም። «ከቀኑ 6:00 ሰዓት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ይበሉ። «ቶሎ»፣ «በዚህ ሰሞን»፣ «በሚቀጥለው» የሚሉት ከነጭራሹ ይውጡ። «በሚቀጥለው እንገናኝ» ብለው ስለዘጉት ነው ይኸው እስከ ዛሬ ያልተገናኛችሁት።

ከስልኮቹ ምን መልስ ያገኙ እንደነበር አላውቅም። መልኩን ለማሳየት ያህል ግን ጋሼ እስከ አርብ አደርሳለሁ ብለዋል፣ ሰብሳቢዋ በስብሰባው ላይ 12,000 ብር ጣሪያ እንደተነሣና ሁሉም እንደተስማማ አስታውሳለች እንበል። ይህን ይዘው መጻፍ ሲጀምሩ ማንም ያላየው አንድ ነገር ብቅ ይላል። ጥገናው ከአርብ ኅዳር 19 በኋላ ወዲያው ሊጀመር ነው፤ መዋጮው ግን እስከ ኅዳር 30 ነው የሚሰበሰበው። ገንዘቡ ከሥራው አሥራ አንድ ቀን ዘግይቶ ሊመጣ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ሦስተኛው ስልክ ለገንዘብ ያዣችሁ ይሆናል፤ «አሁን በእጃችን 12,000 ብር አለ?» ካለ ጥገናው ይቀጥላል፣ ከሌለ የመዋጮው ቀን ቀደም ማለት አለበት። እሷ «እኔን ማን ምን አለኝ» ማለቷ አግባብ አለው፤ በመልእክትዎ ውስጥ ለእሷ የተጻፈ አንድም ነገር የለም። ውሳኔን ከነፈጻሚውና ከነቀኑ ጎን ለጎን ማስቀመጥ እንዲህ ያለውን ግጭት ያሳያል፤ በጭውውት መልክ ሲጻፍ ግን ተሸፍኖ ያልፋል።

ሌላም ክፍተት አለ። ዋጋው ከ12,000 ብር ካለፈ ፕሮፎርማ የሚሰበስበው ማን ነው? ሁለት መንገድ ያለው ውሳኔ ሁለት ፈጻሚ ይፈልጋል። አለበለዚያ ጋሼ አርብ ዕለት «18,000 ብር ብሏል» ብለው ግሩፑ ላይ ይጽፋሉ፣ ሁሉም ያዝናል፣ ነገሩም እዚያው ይቆማል። ያንንም ሥራ እሺ የሚል ሰው አግኝተዋል ብዬ ልጨርሰው። ያኔ ማታ ሊላክ ይችል የነበረው ይህን ይመስላል፤ በቅንፍ ያሉትን ቦታዎች እርስዎ በስም ይሞሏቸዋል፦

የሕንፃችን ነዋሪዎች ስብሰባ አጭር ቃለ ጉባኤ
እሑድ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም፣ ከቀኑ 9:00 እስከ 10:30፣ በኮሙናሉ
የተገኙ፦ ከ24 ቤቶች የ17ቱ

ውሳኔ
1. የውሃ ሞተሩ በባለሙያ ይመረመራል። የጥገናው ዋጋ እስከ 12,000 ብር ከሆነ ይጠገናል። ከዚያ ካለፈ አይጠገንም፤ የአዲስ ሞተር ዋጋ ከሦስት ቦታ በፕሮፎርማ ተሰብስቦ ለቀጣዩ ስብሰባ ይቀርባል።
2. የኅዳር ወር መዋጮ ያልከፈለ ቤት እስከ ማክሰኞ ኅዳር 30 (ዲሴምበር 9) ይከፍላል።
3. ደረጃ ላይ ዕቃ ያስቀመጠ ቤት እስከ ቅዳሜ ኅዳር 20 (ኖቬምበር 29) ያነሣል።

ሥራ
ሞተሩን ማስመርመርና የጥገናውን ዋጋ በጽሑፍ መቀበል፦ አቶ (ስም ከነአባት)፣ ቤት 12፤ እስከ አርብ ኅዳር 19፣ ከምሽቱ 12:00።
ዋጋው ከጣሪያው ካላለፈ እስከ 12,000 ብር ድረስ ወጪ ማድረግና ደረሰኝ መያዝ፦ ወ/ሮ (ስም ከነአባት)፣ ገንዘብ ያዥ፤ እስከ ሰኞ ኅዳር 22። ገንዘቡ በእጅ እንዳለ አረጋግጠዋል።
ዋጋው ካለፈ ሦስት ፕሮፎርማ መሰብሰብ፦ አቶ (ስም ከነአባት)፣ ቤት 7፤ እስከ ሐሙስ ኅዳር 25።
ያልከፈሉትን ለየብቻ በስልክ ማስታወስ፦ ገንዘብ ያዥ፤ እስከ ረቡዕ ኅዳር 24።

ያልተወሰነ
የጥበቃ ሠራተኛው ደመወዝ ጭማሪ፦ ሐሳቡ ቀርቧል፣ አልተወሰነም። በቀጣዩ ስብሰባ አጀንዳ ይሆናል።

ቀጣይ ስብሰባ፦ እሑድ ኅዳር 28 (ዲሴምበር 7)፣ ከቀኑ 9:00፣ በኮሙናሉ።
እርማት ያለው እስከ ሰኞ ኅዳር 15፣ ከምሽቱ 2:00 ድረስ ለፀሐፊዋ ይንገር።

በውሳኔው ውስጥ ማን ምን እንደተናገረ የለም። በድሮው የቃለ ጉባኤ ልማድ «አቶ እገሌ እንዳብራሩት፣ ወይዘሮ እገሊት በማከል» እየተባለ ገጽ ይሞላ ነበር፤ ለጎረቤት ሥራ ግን ይህ አያስፈልግም፣ ቅያሜም ያተርፋል። ያልከፈሉ ሰዎችም በስም አልተዘረዘሩም። ያ የገንዘብ ያዥዋ የግል ስልክ ነው። ሰላምታውንም ከዚህ አስወጥቻለሁ፤ አልጣልሁትም። ምስጋናውንና መልካም ምሽቱን በአንድ መልእክት ይላኩ፣ ቃለ ጉባኤውን በሌላ። የእርስዎ ሞቅ ያለ አጻጻፍ እንዳለ ይቆያል፣ ቃለ ጉባኤው ደግሞ ብቻውን ስለሆነ ግሩፑ ላይ ፒን ማድረግ ይቻላል። በሠንጠረዥ ለመሥራት አይሞክሩ፤ ስልክ ላይ መስመሮቹ ይሰባበራሉ። አንድ ሥራ በአንድ አንቀጽ፣ ሥራው፣ ሰውየው፣ ቀኑ፤ ሁልጊዜ በዚሁ ቅደም ተከተል።

ከመላክዎ በፊት በስብሰባው ላይ ላልነበረ አንድ ሰው ያስነብቡት፤ ባለቤትዎም ልጅዎም ሊሆን ይችላል። ከዚያ «አርብ ማታ ውሃ ባይኖር ለማን ትደውላለህ?» ብለው ይጠይቁት። ስሙን ወዲያው ካልጠራ ጽሑፉ ገና አልተጠናቀቀም።

የእርማት ጊዜው ካለፈ በኋላ መልእክቱን ኤዲት አያድርጉት። ቴሌግራም ቆየት ብሎም ማስተካከል ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ሰዎች ያነበቡትና የተስማሙበት ጽሑፍ በኋላ ተለውጦ ሲገኝ ቁጥሩ ትክክል ቢሆን እንኳ እምነት ይጠፋል። «እርማት፦ በተራ ቁጥር 2 ላይ» ብለው አዲስ መልእክት ይላኩ። ቀን ሲራዘምም እንዲሁ ነው። አሮጌውን ቀን አይሰርዙት፤ «እስከ ኅዳር 19 የነበረው ወደ ኅዳር 22 ተራዝሟል፣ ባለሙያው ስላልመጣ» ብለው ሁለቱንም ያቆዩ። ቀጣዩ ስብሰባ ሲጀመር ከአዲስ አጀንዳ በፊት የሥራው ክፍል ይነበብ፣ በያንዳንዱም ፊት ተፈጽሟል፣ አልተፈጸመም ወይም ተራዝሟል ተብሎ ይጻፍ።

ይህ አጭር ጽሑፍ ለእናንተው ለራሳችሁ ሥራ ነው። ባንክ የሒሳቡን ፈራሚዎች ለመለወጥ ወይም ሌላ መሥሪያ ቤት ማስረጃ ሲጠይቅ የሚፈልገው በወረቀት የተጻፈ፣ የተገኙ አባላት የፈረሙበትና ማኅተም ያለው ቃለ ጉባኤ ነው፤ የቴሌግራም መልእክት አይተካውም። የኮሚቴ አባል ሲመረጥ ወይም ሲወርድ፣ ከፍ ያለ ገንዘብ ሲወሰን፣ ውል ሲፈረም ወረቀቱን ያዘጋጁ። ለሞተር ጥገናና ለደረጃ ዕቃ አጭሩ ይበቃል።

አሁን ስላለፈው ስብሰባ። ከላይ የጻፍሁትን ቀድተው የኅዳር 14 ቃለ ጉባኤ ነው ብለው ዛሬ እንዳይልኩት። ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ያኔ ማንም ያልተቀበለውን ቀንና ጣሪያ መጻፍ አዲስ ጠብ ያመጣል፤ ጋሼም ሳያውቁት ቀን ያሳለፉ ሰው ሆነው ይቀራሉ። ይልቅ ለሰብሳቢዋ ደውለው ቀን ይቁረጡና አጭር ጥሪ ይላኩ፣ አጀንዳውም አንድ ብቻ ይሁን፤ «የውሃ ሞተር፦ ይጠገን ወይስ ይገዛ፣ እስከ ስንት ብር፣ ማን ያሠራው፣ እስከ መቼ»። ወደ ስብሰባው ሲሄዱ እነዚህን ጥያቄዎች በወረቀት ላይ ጽፈው ከፊታቸው ባዶ መስመር ይተዉ። ሰዉ ከመነሣቱ በፊት የሞሉትን ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡላቸው፤ ባዶ የቀረ መስመር ካለ ለሰብሳቢዋ ይንገሩ፣ እዚያው ይሞላ። ያን ጊዜ ማታ ላይ የሚደውሉት ስልክም ይቀንስልዎታል።